«ሠላሳ ጽሑፍ በአንድ ፓኬጅ» ለሚሏችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እዩ

ዌብሳይት ያላችሁ ነጋዴዎች፣ በተለይ ውጭ አገር ሆናችሁ አነስተኛ ሥራ የምታንቀሳቅሱ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡና ለሌሎችም አካፍሉ። «ቶፒክ ክላስተር እንሠራላችኋለን» እያሉ በኢሜይልም በስልክም የሚወተውቱ ሰዎች በዝተዋል። አንድ ትልቅ ዋና ገጽ፣ እሱን የሚደግፉ ሠላሳ ጽሑፎች፣ ሁሉም በሊንክ የተያያዙ። ዋጋው በጥቅል፣ ግማሹ ቅድሚያ።

ነገሩ ራሱ ማጭበርበሪያ አይደለም። ሀብስፖት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 አካባቢ በሰፊው ካስተዋወቀው ወዲህ ብዙዎች ተጠቅመውበታል። ዋናው ገጽ ርዕሰ ጉዳዩን ከላይ ከላይ ያዳርሳል። ደጋፊዎቹ ጽሑፎች እያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ይዘው በጥልቀት ይመልሳሉ። ዋናው ገጽ ወደ እነሱ፣ እነሱም ወደ ዋናው ይጠቁማሉ። አንባቢውም የጉግል ሮቦትም ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቸገሩ ይሄዳሉ። ይህ በትክክል ሲሠራ ይጠቅማል። እኔ የማስጠነቅቃችሁ ስሙን ብቻ ይዘው ስለሚሸጡት ነው።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ላሳያችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ቡና ቆልታ በኦንላይን የምትሸጥ አንዲት እህት አለች። ጎበዝ ናት፤ ቡናዋም ጥሩ ነው። ሠላሳ ጽሑፍ ያለው ፓኬጅ በ3,000 ዶላር ገዛች፤ ግማሹን ከፈለች። ሥራው አለቀ ተብሎ ቀሪው ሲጠየቅ «እስቲ እይልኝ» አለችኝ። የዌብሳይት ሥራ እንጀራዬ ስለሆነ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየሁት።

መጀመሪያ የርዕሶቹን ዝርዝር አነበብኩ። ከሠላሳው ዘጠኙ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ best ethiopian coffee ይላል። ሌላው top ethiopian coffee beans። ሌላው which ethiopian coffee is best። ቃሉ ተገለባብጧል እንጂ ጠያቂው የሚፈልገው ያው ነው። ውስጣቸው ሲነበብም ይርጋጨፌ፣ ሲዳማ፣ ጉጂ፣ ሐረር እየተባለ በተለያየ ቅደም ተከተል ይደረደራል።

ይህ ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው። ለአንድ ጥያቄ ዘጠኝ ገጽ ስታቀርቡ ጉግል የቱን እንደሚያሳይ አያውቅም። አንድ ሳምንት ይህን፣ ሌላ ሳምንት ያን ያወጣል። ሌሎች ዌብሳይቶች የሚሰጧችሁ ሊንክም ዘጠኝ ቦታ ይበታተናል። አንድ ጠንካራ ገጽ ሊኖራችሁ ሲገባ ዘጠኝ ደካማ ገጽ ይኖራችኋል።

ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሻጩ የርዕስ ዝርዝር ሲልክላችሁ የሚመሳሰሉትን ሁለት ርዕሶች ተራ በተራ ጉግል ላይ ጻፉ። በመጀመሪያው ገጽ የሚወጡት ውጤቶች አብዛኞቹ አንድ ከሆኑ፣ ጉግል ሁለቱን ጥያቄዎች እንደ አንድ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ይበቃቸዋል። ውጤቶቹ የተለያዩ ከሆኑ ግን ሁለት ጽሑፍ መጻፉ ያስኬዳል። ይህን ከመፈረማችሁ በፊት አድርጉት። የርዕስ ዝርዝሩን ከፊርማ በፊት አልሰጥም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት።

ጽሑፎቹ ቀድመው የወጡ ከሆነ ደግሞ ዌብሳይታችሁ በፍለጋ እንዴት እንደሚወጣ በሚያሳየው የጉግል መሣሪያ፣ ሰርች ኮንሶል ውስጥ፣ Performance የሚለውን ክፈቱ። አንዱን የፍለጋ ቃል ተጫኑና Pages ወደሚለው ሂዱ። ለዚያ አንድ ቃል አራት አምስት ገጽ እየተፈራረቀ ከወጣ ገጾቻችሁ እርስ በርሳቸው እየተሻሙ ነው።

ቀጥሎ ሊንኮቹን አየሁ። ውሉ ላይ «ሁሉም ጽሑፎች እርስ በርስ የተያያዙ» ተብሎ ተጽፏል። ገጹን ስትከፍቱት ከታች «ተያያዥ ጽሑፎች» የሚሉ የሚያማምሩ ሣጥኖች አሉ። ስትጫኗቸው ይከፈታሉ። የገጹን ኮድ ስመለከት ግን እንዲህ ነበር፦

```
<span onclick="go('/washed-vs-natural')">Read more</span>
```

ይህ ለሰው ይሠራል፤ ለጉግል ግን ሊንክ አይደለም። ጉግል ተማምኖ የሚከተለው ሊንክ `a` የሚል መለያና `href` የሚል አድራሻ ያለውን ነው፦

```
<a href="/washed-vs-natural">washed vs natural coffee</a>
```

ልዩነቱን ተመልከቱ። የላይኛው አድራሻውን ጃቫስክሪፕት ውስጥ ደብቆታል፤ የሚታየው ጽሑፍም Read more ብቻ ነው። የታችኛው አድራሻውን በግልጽ ይሰጣል። ቃሉም የሚቀጥለው ገጽ ስለ ምን እንደሆነ ይናገራል። ኮምፒዩተር ላይ ገጹን ከፍታችሁ Ctrl+U ብትጫኑ ኮዱ ይወጣል። በCtrl+F የአንዱን ጽሑፍ አድራሻ ፈልጉ። `href` ከፊቱ ካለ ደህና ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሣጥኖቹን የሚመርጠው ሰው ሳይሆን ፕለጊን የሚባል ዌብሳይቱ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም ነበር፤ ያገኘውን ነው የሚያስቀምጠው። ስለ ጀበና ቡና የሚያወራው ጽሑፍ ሥር የስጦታ ካርድ ገጽ ተደርጓል። ዋናው ገጽ ደግሞ ከሠላሳው ጽሑፍ ወደ አንዱም አይጠቁምም። ዋናው ገጽ ካልጠቆመ ክላስተር የሚባል ነገር የለም፤ ሠላሳ የተበታተነ ጽሑፍ ነው ያለው።

ትክክለኛው ሊንክ የሚገባው ጽሑፉ መሐል፣ አንባቢው ጥያቄ በሚያነሳበት ቦታ ነው። በእሷው ርዕስ ልንገራችሁ። ስለ ታጠበና ስለ ደረቅ ቡና ልዩነት አንድ ጽሑፍ አለ እንበል። የታጠበው እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ፍሬው በውኃ ታንከር ተብላልቶና ታጥቦ የደረቀ ነው። ደረቁ ደግሞ እሸቱ እንዳለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል እስኪሆን የሚደርቅ ነው፤ ለዚህ ነው ጣዕሙ ወደ ፍራፍሬ የሚያደላው። እዚህ ላይ «ሐረር ቡና በአብዛኛው በደረቅ መንገድ የሚዘጋጅ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲመጣ «ሐረር ቡና» የሚለው ቃል ወደ ሐረር ጽሑፍ ይጠቁማል። መግቢያው ላይ ደግሞ ወደ ዋናው ገጽ አንድ ሊንክ ይኖራል። በቃ። ይህን የሚያደርገው ጽሑፉን ያነበበ ሰው ብቻ ነው፤ ፕለጊን አያደርገውም። ለእሷ ከተጻፉት ውስጥ የታጠበና ደረቅ ቡናን ልዩነት በትክክል ያስረዳ አንድም አልነበረም። ደንበኞቿ ግን በየቀኑ የሚጠይቋት እሱን ነው።

በጣም ያናደደኝ ሦስተኛው ነው። በሠላሳውም ጽሑፍ ኮድ ውስጥ ይህ መስመር ነበር፦

```
<link rel="canonical" href="https://example.com/ethiopian-coffee">
```

አድራሻውን ቀይሬዋለሁ። መስመሩ ለጉግል የሚለው «ይህ ገጽ የዚያኛው ቅጂ ነው፣ ዋናው ያ ነው» ነው። ሠላሳውም ወደ ዋናው ገጽ ያመለክታሉ። ሻጩን ስትጠይቀው «ኃይሉ ሁሉ ወደ ዋናው ገጽ እንዲሰበሰብ ነው» አላት። ይህ ስህተት ነው። ካኖኒካል የተሠራው ለእውነተኛ ቅጂ ነው፤ ለምሳሌ አንድ ዕቃ በሁለት አድራሻ ሲገኝ። የተለያየ ጽሑፍ ላይ ሲደረግ ጉግል ጽሑፉን ከፍለጋ ውጤት እንዲያስቀረው እየነገራችሁት ነው። ጉግል ምልክቱን ሁልጊዜ አይቀበልም፤ ከተቀበለው ግን የከፈላችሁበት ጽሑፍ አይወጣም። የእሷ ሰርች ኮንሶል ላይ Indexing ሥር ባለው Pages ውስጥ አብዛኞቹ Alternate page with proper canonical tag ተብለው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ጽሑፎች ተከፍሎባቸው በፍለጋ አይገኙም ማለት ነው።

ይህንንም በCtrl+U ታዩታላችሁ። canonical ብላችሁ ፈልጉ። እዚያ ያለው አድራሻ የዚያው ገጽ የራሱ አድራሻ መሆን አለበት።

ስለ ተስፋው ቃል ባጭሩ ልናገር። «በ60 ቀን አንደኛ ገጽ» ብለዋት ነበር። ጉግል ራሱ አንደኛ ደረጃን ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል በመመሪያው ጽፏል። ደረጃን ለማሳት ብቻ በጅምላ የሚወጡ ገጾችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ባሻሻለው የስፓም ፖሊሲ ከጥሰት ቆጥሯቸዋል፤ ሰው ይጻፈው ማሽን ለውጥ የለውም። ስለዚህ ብዛት እንደ ጥቅም ሲነገራችሁ ተጠራጠሩ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ጽሑፎቹን በንዴት አታጥፉ። እኛ ያደረግነው ይህን ነው። መጀመሪያ ካኖኒካሉን አስተካከልን፤ ይህ ገጾች በፍለጋ እንዲገኙ በሚያግዘው የኤስኢኦ ፕለጊን ውስጥ የሚሠራ ቀላል ሥራ ነው። ከዚያ ከዘጠኙ ተመሳሳይ ጽሑፎች ብዙ ሰው የሚያየውን አንዱን መረጥን። ከሌሎቹ የሚጠቅም አንቀጽ ካለ ወደ እሱ አዛወርን። የቀሩትን ስምንት አድራሻዎች በ301 ሪዳይሬክት፣ ማለትም አሮጌውን አድራሻ የሚከፍተውን በቋሚነት ወደ ሌላ አድራሻ በሚወስድ ትዕዛዝ፣ ወደ እሱ መራናቸው። ወደ መነሻ ገጽ አትምሯቸው፤ ወደማይዛመድ ገጽ ስትመሩት ጉግል አሮጌውን አድራሻ እንደ ጠፋ ገጽ ይቆጥረዋል። በመጨረሻ ሊንኮቹን በእጅ ጽሑፉ መሐል አስገባን። ከሠላሳው ሃያ ሁለት ቀሩ። ውጤቱ በሳምንት አይታይም፤ ወራት ይፈልጋል።

አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ ለአንድ አነስተኛ ሱቅ አንድ ዋና ገጽና አምስት ስድስት ጽሑፍ ለመነሻ ይበቃል። ጥያቄዎቹን ከደንበኞቻችሁ ውሰዱ፤ በዋትስአፕ የሚጠይቋችሁ ዝርዝር ከማንኛውም ሻጭ ዝርዝር ይሻላል። ክፍያውን በጽሑፍ ብዛት ሳይሆን በደረጃ አድርጉት፦ የርዕስ ዝርዝሩ ሲጸድቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጽሑፎች ከነሊንካቸው ሲታዩ፣ ከዚያ ቀሪው። ውሉ ላይ ጽሑፎቹ በእናንተው ዶሜይን ላይ እንደሚቀመጡና ባለቤቶቹ እናንተ እንደሆናችሁ ይጻፍ። በራሳቸው ሰብዶሜይን አስቀምጠው ወርኃዊ ኪራይ የሚያስከፍሉ አሉ፤ መክፈል ያቆማችሁ ቀን ጽሑፉም ሊንኩም አብሮ ይጠፋል።

እሷ ቀሪውን 1,500 ዶላር አልከፈለችም። የኮዱንና የሰርች ኮንሶሉን ስክሪንሾት አያይዛ፣ ውሉ ላይ «እርስ በርስ የተያያዙ» የሚለው እንዳልተፈጸመ በጽሑፍ አሳወቀቻቸው። እነሱም ከዚያ ወዲህ አልጠየቋትም። ተመሳሳይ ውል ያላችሁ ካላችሁ መጨረሻውን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ሦስት ገጽ መርጣችሁ ካኖኒካሉንና ሊንኩን ፈትሹ፤ ችግር ካገኛችሁ ስክሪንሾቱን ያዙ።