ማስጠንቀቂያ፦ «የተጣበቀ የኮርቻ ዘንግ አወጣለሁ» ለሚል ጠጋኝ ብስክሌታችሁን ከመስጠታችሁ በፊት

ባሕር ዳር የምትኖሩ፣ በተለይ አሮጌ የብረት ብስክሌት ያላችሁ፣ የኮርቻው ዘንግ ቴላዮው ውስጥ ዝጎ የተጣበቀባችሁ ሰዎች ይህን አንብቡ። ንዴቴ ገና አልበረደም። ብስክሌቱ አሁን ፊቴ ቆሟል፤ ኮርቻውን የሚሸከመው ቋሚ ቱቦ ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ በሞርሳ ተጨፍልቋል።

የሰውየውን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። መንገድ ዳር ሞርሳ ተክሎ፣ ቀብድ ተቀብሎ፣ «ተወውና ከሰዓት ና» የሚል፣ ምን ልታደርግ ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚቆጣ። ውላችን 600 ብር ነበር፣ ግማሹ በቀብድ። ዘንጉ ቢበላሽ ግድ የለም፣ ቱቦው ግን አይቆረጥም፣ አይጣመም ተባብለናል። «ቀላል ነው» አለ።

ሥራውን ሲጀምር አጠገቡ ነበርኩ። የሞርሳውን ጥርስ በዘንጉ ላይ ማጥበቅ ሲገባው በቱቦው ላይ አጠበቀው። ጨርቅ እንኳ አላደረገበትም። ከዚያ ዘንጉን በጂራቱቦ ያዘ፣ እጀታው ላይ አንድ ሜትር የሚሆን የውኃ ቱቦ ጨመረበትና ተንጠለጠለ። መጀመሪያ ቀለሙ ተሰነጠቀ፤ በሞርሳው ጥርስ ልክ ሁለት ነጭ መስመር ወጣ። «አቁም» ስለው ዞር ብሎም አላየኝም። ድጋሚ ሲጫነው እጀታው በድንገት ላላ። «አየህ፣ ተነቃነቀ!» አለ። የተነቃነቀው ግን ዘንጉ አልነበረም፤ ቱቦው ነው የሞተው። ከሞርሳው ሲያወጣው ቱቦው እንቁላል ሆኗል። በካሊበር ለካሁት፤ በሁሉም በኩል 28.6 ሚሊ ሜትር የነበረው በአንድ በኩል 27.4፣ በሌላው 29.6 ሆኗል። ያለኝን ልንገራችሁ፦ «ድሮም የበሰበሰ ብረት ነው። አንተ ካወቅክ ለምን ወደ እኔ አመጣኸው?» ቀብዱንም አልመለሰም።

የበሰበሰ አልነበረም። ይህን ቱቦ በሞርሳ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ውጭው 28.6፣ የሚገባበት ዘንግ 27.2 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱን ለሁለት ስታካፍሉት የቱቦው ግድግዳ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ የሳሳ ቱቦ ቁመቱን ይዞ ሰው ይሸከማል፤ ከጎን ሲጨመቅ ግን ወዲያው ይጨፈለቃል። ሲጨፈለቅ ደግሞ ውስጥ ያለውን ዘንግ ይበልጥ ነክሶ ይይዘዋል፤ አሁን ዘንጉ ከበፊቱ ይልቅ ጠብቋል።

መያዝ ያለበት ዘንጉ ነው። የተጣበቀ ነገር ለማውጣት አንዱ መሥዋዕት ይሆናል፤ መሥዋዕቱ ደግሞ በጥቂት ብር የሚተካው ዘንግ እንጂ ቴላዮው አይደለም።

ከሁሉ በፊት ዘንጉ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ትንሽ ማግኔት ይበቃል። ከያዘ ብረት ነው፣ በአፉ ዙሪያም ቡናማ ዝገት ታያላችሁ። ካልያዘና ዙሪያው ላይ ነጭ ዱቄት ከተጋገረ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ብረት ውስጥ ሆኖ የዝናብ ውኃ ወይም ላብ ሲገባበት የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ነጩ ዱቄት ከተበላው አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ዘንጉን እንደ ሽብልቅ ያጣብቀዋል። የኛው ይህኛው ነበር። ሰውየው ግን ሳያይ ኦክሲጅን ሊለኩስ ነበር! አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚሰፋው የብረትን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱም አብረው በ100 ዲግሪ ቢሞቁ 27.2 ሚሊ ሜትር የሆነው አሉሚኒየም በ0.06 ገደማ ይሰፋል፣ ብረቱ በ0.03። እየሞቀ ሳለ የሚጠብቅ እንጂ የሚላላ አይደለም። አሉሚኒየም የሚታዘዘው ለበረዶ ነው። እሳት የሚጠቅመው ዘንጉም ቱቦውም ብረት ሲሆኑ፣ ያውም ውጭውን ብቻ ቶሎ ማሞቅ ሲቻል ነው፤ ቀለሙ ግን ይቃጠላል።

ቀጥሎ ዘይት። ብዙው ሰው ከላይ፣ ከኮርቻው በኩል ብቻ ይቀባል። ከላይ የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ፔዳሉንና የፔዳሉን ኩሽኔታ አውልቁ፣ ብስክሌቱን ገልብጡት፣ በኩሽኔታው ቤት በኩል ወደ ቋሚው ቱቦ አፍስሱ፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ዘንጉ የተጣበቀበት ድረስ በራሱ ይወርዳል። ግማሽ አሴቶን፣ ግማሽ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከተደባለቀ ቀጭን ስለሆነ በደንብ ይሰርጋል፤ አሴቶን ቀለም ስለሚልጥ ውጭውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ እሳትም አታስጠጉት። ዘንጉን አጥብቆ የሚይዘውን ብሎን አስቀድሞ ማውለቅ አይረሳ። ጥቂት ቀን እየጨመሩ ማቆየት፣ በየመሐሉም የዘንጉን ራስ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ማድረግ ነው። በቱቦው አፍ ላይ ያለውን ስንጥቅ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ለመክፈት የሚሞክር ካያችሁ አስቁሙት፤ ስንጥቁ ከሥሩ ይቀደዳል።

ከዚያ ጎማዎቹ ይወልቁና ብስክሌቱ ተገልብጦ የዘንጉ ራስ በሞርሳ ይጠብቃል፤ ሞርሳው ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ መታሰር አለበት። መዞር ያለበት ቴላዮው ነው። ሁለት ሰው ቱቦዎቹን ከኮርቻው ቅርብ ይዞ በእኩል ኃይል፣ በትንሽ በትንሹ ወዲያና ወዲህ ይጫናል። የፊተኛውን ጫፍ ይዞ መጎተት ኃይሉን ያበዛል፣ ግን ቱቦውን ይጠመዝዘዋል።

ሳይጠመዘዝ መላላቱን የምታውቁበት ዘዴ አለ፤ ጠጋኞቹ አይነግሯችሁም። ከመጫናችሁ በፊት ከዘንጉ ወደ ቱቦው የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ አስምሩ። ቴላዮው ትንሽ ሄዶ መስመሩ ካልተሰበረ ዘንጉ አልዞረም፤ ቱቦው እየተጠመዘዘ ነው፣ ወዲያው አቁሙና ወደ ዘይቱ ተመለሱ። መስመሩ ተሰብሮ «ሲጢጥ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ለቆላችኋል። ከዚያ በኋላ እየዞረ እየተሳበ፣ ዘይት እየተጨመረበት ይወጣል። ይህ ሰው መስመር አላሰመረም፤ ስለዚህ የሞተውን ቱቦ «ተነቃነቀ» አለኝ።

ይህ ሁሉ እምቢ ካለና ዘንጉ አሉሚኒየም ከሆነ መጨረሻው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ብረቱን አይነካም። በአንድ ሊትር ውኃ 100 ግራም ያህል፤ ሶዳው ውኃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃው ሶዳው ላይ አይፈስም። በፕላስቲክ ዕቃ ብቻ፤ የአሉሚኒየም ድስት ከዘንጉ ቀድሞ ያልቃል። ስንጥቁና ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በጎማ ላስቲክ ይታሸጉ፣ ቱቦው እስከ አፉ አይሞላ፣ ይፈላልና። የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ደጅ ላይ፣ ያለ ሲጋራ፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ይልጠዋል። ዓይን ላይ ከረጨ ወዲያው በብዙ ውኃ ማጠብና ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ብስክሌቱን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ «ሞርሳውን የት ላይ ነው የምታጠብቀው?» በሉት። «ቱቦው ላይ» ካለ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቀብድም አስቀድማችሁ አትክፈሉ።