ለቪዲዮ ኤዲተሬ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚሠራ ወጣት የቪዲዮ ኤዲተር አለ። ረጅሙን የቀጥታ ስርጭቴን ወደ አጫጭር ቪዲዮዎች የቆረጠልኝ እሱ ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲጠራ ስላልወደደ አልጽፈውም፤ ሥራውን ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻና ከመርሳ የሚመጡ የዶሮ እርባታ ጥያቄዎችን በቀጥታ ስርጭት እመልሳለሁ። የመጨረሻው ስርጭት 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጅቷል። ቀደም ሲል ያሠራሁት ሌላ ባለሙያ በየ60 ሴኮንዱ ቆራርጦ አስረክቦኝ ነበር። ግማሾቹ «ስለዚህ እሱን ስታደርጉ» ብለው ይጀምራሉ። «እሱ» ምን እንደሆነ ሙሉውን ስርጭት ካላየ ሰው ማን ሊያውቅ ይችላል?

ይህ ወንድሜ ግን አንድም ቦታ ከመቁረጡ በፊት ስርጭቱን ከዳር እስከ ዳር አዳመጠ። ደቂቃውን በደብተሩ እያሰፈረ፣ ሌላ ማብራሪያ ሳይፈልጉ ብቻቸውን የሚቆሙ ዐረፍተ ነገሮችን ለቀመ።

አንዱን ልንገራችሁ። በ47ኛው ደቂቃ አንዲት እናት «ዶሮዎቼ አንገታቸው እየተጠማዘዘ ያልቃሉ» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሰላምታ አቀረብኩ፣ አመሰገንኩ፣ «ቅድም እንዳልኩት» አልኩ። ከ52 ሴኮንድ በኋላ ነው «ፈንግል የያዛትን ዶሮ የሚያድን መድኃኒት የለም» ያልኩት። እሱ ቪዲዮውን በዚያ ዐረፍተ ነገር ከፈተው። የእናትየውን ጥያቄ ከላይ በጽሑፍ አኖረና በቀጥታ ወደ ማብራሪያው ገባ።

እኔ እዚያው ላይ አሳጥሮ እንዲዘጋው ጠይቄው ነበር። «አይሆንም» አለኝ፤ «ቀጥሎ ስለ ክትባት የተናገሩት ካልገባ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተዋል።» እውነቱን ነው። ክትባቱ ዶሮዎቹ ጤነኛ ሳሉ የሚሰጥ መሆኑን የሚናገረው ክፍል ባይገባ ኖሮ፣ በራሴ አንደበት ሰው አሳስት ነበር።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ቁርጡን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አያሳርፍም፤ ከፊቱ ጥቂት ትንፋሽ ይተዋል። «ጫጩት» ስል «ጫ» ተቆርጣ «ጩት» ብቻ ስትሰማ በጆሮዬ ሰምቻለሁና ጥቅሙ ገብቶኛል። ስክሪኑን ወደ ቁመት ሲቀይረውም ከጎኔ የሰቀልኩት የክትባት ሰንጠረዥ እንዳይጠፋ ከፊቴ በላይ አስቀመጠው። የግርጌ ጽሑፉንም መተግበሪያው ራሱ ጽሑፍ ከሚያሳይበት ቦታ ከፍ አድርጎ በእጁ ጻፈው።

በመጨረሻ የእያንዳንዱን ቪዲዮ የመጀመሪያ 3 ሴኮንድ ስርጭቱን ላላየች የጎረቤቱ ሱቅ ሠራተኛ አሳይቶ «ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። መልስ ያጣችባቸውን 4 ጣላቸው። ከ11 ውስጥ 7 ቀሩ። ክፍያው በቁጥር ስለሆነ 4ቱን መጣሉ የራሱን ገቢ መቀነስ ነበር።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኩን በፈቃዱ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ በስልካችሁ ወይም በኮምፒውተራችሁ የተቀዳውን ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ኔትወርክ ሲዳከም ምስሉ የደበዘዘበትን የስርጭት ቅጂ እሱም ቢሆን መልሶ ሊያጠራው አይችልም።