ማስጠንቀቂያ፦ በሻጩ ፎቶ ብቻ የሚያምሩ የድረ ገጽ ቴምፕሌቶች

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ለድርጅታቸው፣ ለማኅበራቸው ወይም ለግል ሥራቸው ድረ ገጽ ለማዘጋጀት ዝግጁ ቴምፕሌት ሊገዙ ላሰቡ ሰዎች ነው። እኔ የገዛሁት ቴምፕሌት ሁለት ነገሮችን ያቀርብ ነበር። በመግቢያው ላይ አንድ ፎቶ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ይሸፍንና ትልቅ ነጭ ርዕስ ያርፍበታል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌሎች ፎቶዎች በግሪድ ተደርድረው እያንዳንዳቸው በላያቸው አጭር ጽሑፍ ይይዛሉ። በሻጩ ማሳያ ላይ ጽሑፉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይነበባል፣ የሰዎቹም ፊት በየሳጥኑ መሐል በትክክል ተቀምጧል። የራሴን ፎቶዎች ሳስገባ ግን ርዕሱ ከፎቶው ጋር ተመሳስሎ ጠፋ፣ በፎቶው ላይ ያለችው ሴትም ከአንገት በላይ ተቆርጣ ቀረች። ሻጩን ብጠይቅ "ያስገቡት ፎቶ ለቴምፕሌቱ ተስማሚ አይደለም" የሚል መልስ ብቻ ሰጠኝ።

መልሱ አላሳመነኝም ነበርና ማሳያው ለምን እንዳማረ ለማወቅ የሻጩን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፍቼ ተመለከትኩ። ማንም ሰው ይህን ማድረግ ይችላል፤ በማሳያው ገጽ ፎቶው ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ምስሉን በአዲስ ታብ መክፈት አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። ፎቶው ብቻውን ሲከፈት ጽሑፉም ሆነ የቴምፕሌቱ ቀለሞች አብረውት አይመጡም። እኔ የከፈትኩት የመግቢያ ፎቶ ግን ብቻውን ሆኖም ከታች ያለው አንድ ሦስተኛው ክፍል ጠቁሮ ነበር። ጥቁረቱ የመጣው ከቴምፕሌቱ አልነበረም፤ ፎቶው ወደ ማሳያው ከመጫኑ በፊት በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሆን ተብሎ የተጨመረ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ጽሑፉን እንዲነበብ ያደረገው ሥራ ከሸጡልኝ ፋይል ውስጥ የለም፤ ያለው ከማይሸጡት ፎቶ ውስጥ ነው።

ጉዳዩ የዐይን ግምት ብቻ እንዳይመስል በቁጥር ላስረዳ። የጽሑፍና የዳራ የብርሃን ልዩነት የሚለካው በንፅፅር ምጣኔ ሲሆን፣ ነጭ በጥቁር ላይ ሲጻፍ 21 ለ 1 ይሆናል። በሰፊው የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ከ24 ፒክስል ጀምሮ ላለ ትልቅ ጽሑፍ ደግሞ ቢያንስ 3 ለ 1 እንዲሆን ይጠይቃል። በሻጩ ፎቶ ላይ ርዕሱ ያረፈበት ቦታ በጣም ብሩህ የሆነው ነጥብ፣ 0 ጥቁር 255 ደግሞ ነጭ በሚሆንበት ልኬት፣ 60 ገደማ ነበር፤ ይህም ከነጭ ጽሑፍ ጋር 11 ለ 1 ይሰጣል። እኔ ባስገባሁት ፎቶ ላይ በዚያው ቦታ የነበረው ነጭ ግድግዳ 235 ገደማ ስለነበር ምጣኔው ወደ 1.2 ለ 1 ወረደ፤ ይህ ማለት ጽሑፉ አለ ቢባልም አይታይም።

ቴምፕሌቱ ለዚህ መፍትሔ ነው ተብሎ የተሰጠ አንድ ማስተካከያ አለው፤ የፎቶውን ኦፓሲቲ ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ ብዙዎችን እንደሚያሳስት አልጠራጠርም። ኦፓሲቲ ሲቀነስ ፎቶው አይጠቁርም፤ ከኋላው ያለው ቀለም ነው በፎቶው ውስጥ አልፎ የሚታየው። የዚህ ቴምፕሌት ገጽ ደግሞ ነጭ ስለሆነ ቁልፉን በቀነሳችሁ ቁጥር ፎቶው ይነጣል፣ ነጩ ርዕስም ይብስ ይጠፋል። ከፎቶው ኋላ ያለውን ቀለም ጥቁር ቢያደርጉት ኖሮ ያው ቁልፍ በትክክል ይሠራ ነበር፤ የጎደለው አንድ መስመር ኮድ ነው።

በፎቶው ላይ የሚነጠፍ ጥቁር ሽፋን ያላቸው ቴምፕሌቶችም ቢሆኑ ሽፋኑ ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ፎቶው ፍጹም ነጭ ቢሆን 20 በመቶ ጥቁር ሽፋን ለነጭ ጽሑፍ 1.6 ለ 1 ብቻ ይሰጣል፤ 40 በመቶ ሲሆን 2.85 ለ 1፣ 50 በመቶ ሲሆን 3.95 ለ 1 ይደርሳል። የትኛውም ፎቶ ቢገባ ተራ ጽሑፍ እንዲነበብ ዋስትና የሚሰጠው ከ54 በመቶ ጀምሮ ያለው ነው። ሻጮች ከዚህ በታች የሚያደርጉት ማሳያቸው ፎቶው ደምቆ እንዲታይ ስለሚፈልጉ ይመስለኛል። ፎቶውን ማደብዘዝ ደግሞ የሚረዳው ቅጠልና ጠጠር የመሰለ ዝርዝር ነገር ጽሑፉን ሲረብሽ ነው እንጂ፣ ነጭ ግድግዳ ቢደበዝዝም ያው ነጭ ነው።

ከታች ጠቁሮ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄደው ሽፋን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያምራል፤ በስልክ ላይ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ሽፋኑ ከሥር 70 በመቶ ጀምሮ በፎቶው ቁመት 60 በመቶ ላይ ሲደርስ ይጠፋል እንበል። በኮምፒውተር በአንድ መስመር ያለቀው ርዕስ በስልክ ጠባብ ስክሪን ላይ አራት መስመር ይሆንና ወደ ላይ ይወጣል። በፎቶው ቁመት 30 በመቶ ላይ ሽፋኑ 35 በመቶ ብቻ ስለሚሆን፣ በነጭ ፎቶ ላይ ያለው ምጣኔ ወደ 2.4 ለ 1 ይወርዳል። የርዕሱ መጨረሻ ይነበባል፣ መጀመሪያው አይነበብም። ስለዚህ ሽፋኑ መያያዝ ያለበት ከፎቶው ቁመት ጋር ሳይሆን ከጽሑፉ ሳጥን ጋር ነው፤ ጽሑፉ ሲረዝም ሽፋኑም አብሮት እንዲያድግ።

የመከርከሙ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ ምንጩም ሌላ ነው። ፎቶ አንድን ሳጥን ያለ ክፍተት እንዲሞላ ሲታዘዝ ከሳጥኑ ቅርጽ የተረፈው ክፍል ይቆረጣል፤ የት እንደሚቆረጥ ካልተነገረው ደግሞ ብሮውዘሩ መሐሉን ይይዛል። የእኔ ፎቶ ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 6000 ፒክስል ነበር። ይህ ፎቶ 16 ለ 9 በሆነ ስክሪን ላይ ሲዘረጋ ከ6000ው ቁመት የሚታየው 2250 ብቻ ነው፤ ይህም 37.5 በመቶ መሆኑ ነው። መሐሉ ሲያዝ የሚታየው ከ1875ኛው እስከ 4125ኛው ረድፍ ያለው ነው። የሴትየዋ ፀጉር በ700፣ አገጯ በ1700 ገደማ ስለነበር ፊቷ በሙሉ ከስክሪኑ ውጭ ሆነ። የሻጩ ፎቶዎች በሙሉ ቀድሞውኑ 16 ለ 9 ሆነው የተቆረጡ ስለነበሩ በመግቢያው ላይ ምንም የሚቆረጥ ነገር አልነበረም።

መፍትሔው አጭር ነው፤ የመቆረጫውን ቦታ በመቶኛ መናገር። ከላይ 10 በመቶ ብንለው የሚቆረጠው 3750 ረድፍ ተከፍሎ 375ቱ ከላይ፣ የቀረው ከታች ይነሣል። ስለዚህ ከ375 እስከ 2625 ያለው ይታያል፤ ፊቷም ሙሉ በሙሉ ይገባል። ይህ መቶኛ ለእያንዳንዱ ፎቶ ለየብቻ መሰጠት መቻል አለበት፤ ቴምፕሌቱ ግን ለሁሉም ፎቶዎች መሐሉን ብቻ ይዟል። በግሪዱ ውስጥ ጉዳቱ ይለያያል። 3 ለ 2 የሆነ ፎቶ በካሬ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይታያል፤ በካሬው ላይ ክብ ማስክ ሲጨመርበት ከፎቶው የሚታየው ወደ 52 በመቶ ይወርዳል። ፊቱ ወደ ጠርዝ የቀረበ ሰው በእንዲህ ዓይነቱ ክብ ውስጥ አይገባም።

ቴምፕሌቱን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ኮድ መጨመር በሚቻልበት ቦታ የሚከተለውን ማስገባት ይቻላል። የክፍሎቹን ስም በራሳችሁ ቴምፕሌት ስም መተካት አትርሱ።

```css
.hero { position: relative; height: 80vh; overflow: hidden; }
.hero img {
  width: 100%; height: 100%;
  object-fit: cover;
  object-position: 50% 10%;
}
.hero .title {
  position: absolute; left: 0; right: 0; bottom: 0;
  padding: 6rem 2rem 2rem;
  color: #fff;
  background: linear-gradient(to top,
    rgba(0,0,0,.6) calc(100% - 6rem), transparent);
}
```

እዚህ ላይ ሽፋኑ ጽሑፉ ባለበት ሁሉ 60 በመቶ ነው፤ የሚሳሳው ጽሑፍ በሌለበት የላይኛው ክፍተት ውስጥ ብቻ ነው። ፎቶው ፍጹም ነጭ ቢሆን እንኳ ምጣኔው ከ5.7 ለ 1 አይወርድም።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ማሳያውን በቀላሉ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ማሳያውን በራሱ መስኮት ክፈቱት፣ የብሮውዘሩን ኮንሶል፣ ማለትም ኮድ የሚጻፍበትን መስኮት፣ አውጡና ይህን መስመር አስገቡ። (ያልገባችሁን ኮድ፣ በተለይም በአካውንታችሁ በገባችሁበት ገጽ ላይ፣ በኮንሶል ማስገባት አደገኛ ነው፤ ይህኛው የሚያደርገው በገጹ ላይ ያሉ ምስሎችን ሁሉ ነጭ ማድረግ ብቻ ነው።)

```js
document.querySelectorAll('img').forEach(i => i.style.filter = 'brightness(0) invert(1)')
```

ለውጡ የሚታየው በእናንተ ስክሪን ላይ ብቻ ሲሆን ገጹን ስታድሱት ይጠፋል። ፎቶዎቹ ነጭ ሆነው ርዕሱና በግሪዱ ላይ ያሉት ጽሑፎች አሁንም ከተነበቡ፣ ቴምፕሌቱ የራሱ ሽፋን አለው ማለት ነው። ጽሑፉ አብሮ ከጠፋ ግን ያያችሁት ውበት የሻጩ ፎቶ ነው። መስመሩን አስገብታችሁ ፎቶው ካልተለወጠ በዳራነት የገባ ነው፤ በዚያ ጊዜ በቀኝ ቁልፍ ላይከፈት ስለሚችል፣ የፎቶውን አድራሻ ከገጹ ኮድ ውስጥ አውጥቶ ፋይሉን ለብቻው በመክፈት ጥቁረት ተሠርቶበት እንደሆነ ማየት ይሻላል። ከዚህ በኋላ የመስኮቱን ወርድ እስከ ስልክ መጠን አጥብቡትና ርዕሱ ሲረዝም የላይኛው መስመር የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ።

ሻጩንም በጽሑፍ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የመቆረጫው ቦታ ለእያንዳንዱ ፎቶ መወሰን ይቻላል ወይ፣ በጽሑፉ ሥር ያለው ሽፋንስ ስንት በመቶ ነው? መልሱን አስቀምጡት። እኔ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ፣ ፋይሉ አንዴ ከወረደ በኋላ ተመላሽ እንደሌለና "የማሳያ ፎቶዎች ከግዢው ጋር አይካተቱም" የሚል ማስታወሻ በገጹ ግርጌ እንዳለ ነገሩኝ። ማስታወሻው በእርግጥ አለ፤ ጽሑፉን የሚያስነብበው ጥቁረት አብሯቸው እንደሚቀር ግን የትም አልተጻፈም።