መቆም ወይስ መዞር? ገመድ የሚጎትት ውሻን ማስተማር

ገመዱ ሲወጠር ባሉበት መቆም፣ ሲረግብ መቀጠል፤ ብዙዎች የሚያውቁት ዘዴ ይህ ነው። ቀላል ቢሆንም ጽናት ይጠይቃል። አንድ ቀን ቸኩለው የጎተተውን ውሻ ከተከተሉት፣ መጎተት አልፎ አልፎ እንደሚያዋጣ ይማርና ልማዱ ይብስበታል። ሌላም ጉድለት አለው፦ ብልህ ውሻ ጎትቶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና መጎተትን እንደ ደንብ ይይዘዋል።

ሁለተኛው መንገድ ገመዱ ሊወጠር ሲል በእርጋታ ዞሮ በሌላ አቅጣጫ መሄድ ነው። ውሻው ከጉልበትዎ ጎን እንደደረሰ፣ ሽምብራ የምታክል ሥጋ እዚያው ይስጡት። መጀመሪያ በየሁለት እርምጃው፣ ቀጥሎ በየአምስቱ፣ ከዚያ በየአሥሩ። እኔ ይህን አስቀድማለሁ፤ መቆም ስህተቱን ብቻ ሲነግረው፣ መዞር ትክክለኛውን ቦታ ያሳየዋል።

ደሴ ውስጥ ወደ ሥጋ ቤት የሚጎትት ውሻ አለዎት እንበል። ሥጋ ቤቱን እያየ ከእጅዎ መብላት ከሚችልበት ርቀት ይጀምሩ። የሰጡትን ካልተቀበለ በጣም ቀርበዋልና ወደ ኋላ ይመለሱ። ገመዱ ረግቦ ጥቂት እርምጃ ከሄደ፣ ትንሽ መቅረቡ ራሱ ሽልማቱ ይሁን። የደሴ ቁልቁለት የተረጋጋውንም ውሻ ስለሚያስጎትት፣ ትምህርቱን በሜዳ መንገድ ይጀምሩ። የሚያስለው ከሆነም ገመዱን ከአንገቱ ፈትተው ደረቱን በሚያቅፍ ማሰሪያ ላይ ያድርጉት።

መቆም የሚሻለው መዞሪያ በሌለበት ጠባብ ቦታ ነው፤ በተለይ ከግቢ በር ሲወጡ።