«ዓይን ይጠብቃል» የሚባለው ግላስ የስልካችሁን ስክሪን ብልጭታ አያጠፋም፤ ብር እንዳትከፍሉ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባህር ዳር ስላሽ ስልክ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ወይም ገዝታችሁ ማታ ማታ ዓይናችሁን የሚያማችሁ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሰሞኑን ሞባይል ቤቶች አካባቢ አንድ ሽያጭ ደርቷል። ዓይኔን አመመኝ ብሎ ለመጣ ሰው ሁሉ «ብሉ ላይት ነው፣ የስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን ነው» ይሉና ቢጫ ነገር ያለው ግላስ ይለጥፉለታል።

የአጎቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ናት። አሞሌድ የሚባለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት ስክሪን ያለው ስላሽ ስልክ ገዛች። ቀን ላይ ምንም አትልም። ማታ ጓደኞቿ ሲተኙ ብራይትነሱን ጥግ ድረስ ዝቅ አድርጋ ሃንድአውት ስታነብ ግን ግንባሯን ይወጋታል፣ ዓይኗ ይቆጠቁጣል፣ አንዳንዴም ያቅለሸልሻታል። ወደ ሱቁ ስትመለስ ግላሱን በ700 ብር ለጠፉላት። አልተሻላትም። እንደገና ስትሄድ ደግሞ መነጽር በ1,800 ብር ሸጡላት። ሻጩ በትንሽ ሰማያዊ ባትሪ ካርድ ላይ እያበራ «አየሽ እህቴ፣ መነጽሩ ብርሃኑን አገደው» ብሎ አሳያት። ያ ትርኢት ብዙ ሰው ያሳምናል። ችግሩ፣ ባትሪው የሚያወጣው ብርሃን ወደ ሐምራዊ የተጠጋ፣ 405 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ነው። ይህን ተራ ፕላስቲክም ሊያግደው ይችላል። የስልክ ስክሪን ሰማያዊ ብርሃን የሚበረታው 450 አካባቢ ነው። ካርዱ ስለ ስልኩ የሚናገረው ነገር የለም።

ደግሞ የልጅቷ ችግር ከነጭራሹ የቀለም አይደለም። አብዛኞቹ አሞሌድ ስክሪኖች ደብዘዝ ሲደረጉ ብርሃናቸውን በእውነት አይቀንሱም። ፒ ደብሊው ኤም በሚባለው ዘዴ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየበሩ ይጠፋሉ። ልጅ ማብሪያ ማጥፊያውን ቶሎ ቶሎ እየነካ ሲጫወት እንደማለት ነው፤ ፍጥነቱ ስለበዛ ዓይናችን ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ይመስለዋል። ብዙ ስልኮች ይህን የሚያደርጉት በሰከንድ 240 ጊዜ አካባቢ ነው። ስለዚህ አንዱ ዙር ከ4 ሚሊሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ብራይትነሱ ከፍ ሲል በዙሩ ውስጥ የጨለማው ጊዜ አጭር ነው። ወደ አንድ አስረኛ ሲወርድ ግን ስክሪኑ የሚበራው ለ0.4 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ጨለማ ነው። ሁሉም ሰው አይሰማውም። የሚሰማው ሰው ግን የሚታመመው ልክ እንደ እሷ ማታ፣ ስክሪኑ ሲደበዝዝ ነው።

ቢጫ ግላስ ከብርሃኑ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ይቀንሳል። የሚያልፈው ብርሃን ግን እንደ በፊቱ ይበራል፣ ይጠፋል። ስልኩ ውስጥ ያለው ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው የማታ ሞድም እንዲሁ ነው፤ ቀለም ይለውጣል እንጂ ብልጭታውን አይነካም። የሚገርመው፣ ተራ ጥቁር የፀሐይ መነጽር ከዚያ ውድ መነጽር የተሻለ ይሠራል። ስክሪኑ ስለሚጨልምባችሁ ብራይትነሱን ከፍ ታደርጋላችሁ፤ ያኔ የጨለማው ጊዜ ያጥራል። (ማታ ዶርም ውስጥ የፀሐይ መነጽር አድርጋችሁ አንብቡ ማለቴ አይደለም!)

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ስልኩን መፈተን ትችላላችሁ። የሌላ ሰው ስልክ ተዋሱና ካሜራውን ወደ ፕሮ ሞድ ቀይሩ። የሹተር ፍጥነቱን 1/2000 አድርጉ፤ ምስሉ ከጨለመ አይኤስኦውን ጨምሩ። የምትገዙትን ስልክ ነጭ ገጽ ላይ ከፍታችሁ ብራይትነሱን ወደ ታች እያወረዳችሁ በካሜራው ተመልከቱ። ወፍራም ጥቁር መስመሮች ስክሪኑን እያቋረጡ ከታዩ፣ ብራይትነሱም በወረደ ቁጥር እየወፈሩ ከሄዱ፣ ያ ብልጭታው ነው። መስመሮቹ ቀጫጭንና የተቀራረቡ ከሆኑ ፍጥነቱ ከፍ ያለ ነው፤ እሱ ይሻላል። ምንም ካልታየ ወይም በጣም ፈዛዛ ከሆነ ጥሩ ነው። ብራይትነሱ ሙሉ እያለ አንዲት ቀጭን መስመር ብትታይ አትደንግጡ፤ አሞሌድ ላይ የተለመደ ነው። ሁለት ስልክ ስታወዳድሩ ደግሞ ካሜራውንም ሹተሩንም አትቀይሩ፤ አለዚያ ማወዳደር አይቻልም። ሻጩ «ይህ ደግሞ ምንድነው» ብሎ ቢቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

«ስክሪኑ አሞሌድ ሳይሆን ኤልሲዲ ስለሆነ አይነካውም» የሚሉም አሉ። በአብዛኛው እውነት ነው፤ ግን ኤልሲዲም የኋላ መብራቱን በዚሁ ዘዴ የሚያደበዝዝ አለ። ስለዚህ እሱንም ፈትኑት።

ስልኩን አንዴ ከገዛችሁ መፍትሔው ነፃ ነው፤ ለዚህ ነው 2,500 ብሩ የሚያናድደኝ። ሐሳቡ የስክሪኑን ብራይትነስ ከፍ አድርጎ ትቶ፣ ምስሉን በሶፍትዌር ማጨለም ነው። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ Accessibility ግቡና Extra dim የሚለውን አብሩ። ሳምሰንግ ላይ Vision enhancements ወይም Visibility enhancements በሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ግን ብራይትነሱን በራሱ የሚቀያይረውን Adaptive brightness አጥፉ፤ ካልጠፋ ክፍሉ ሲጨልም ስልኩ ራሱ ብራይትነሱን ያወርደውና ልፋታችሁ ከንቱ ይሆናል። ከዚያ ብራይትነሱን ግማሽና ከዚያ በላይ አድርጉ። ጨለማውን በExtra dim መጠን ብቻ አስተካክሉ። አይፎን ላይ ስሙ Reduce White Point ነው፤ Accessibility ውስጥ Display & Text Size ስር አለ።

የአጎቴን ልጅ ስልክ እንዲህ አድርገን በካሜራ ስናየው፣ ወፍራም የነበሩት መስመሮች ቀጠኑ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። አንዳንድ አሞሌድ በየትኛውም ብራይትነስ ላይ ትንሽ ይርገበገባል። እሷን ግን ግንባሯን መውጋቱን ተወ። ጉዳቱ፣ ጥቁር ጥቁር ፎቶ ላይ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ ስትወጣ ደግሞ ካላጠፋችው ስክሪኑ አይታያትም። ባትሪ ይጨርሳል ብላችሁ አትስጉ፤ አሞሌድ የሚበላው ባትሪ እያንዳንዱ ነጥብ በሚያወጣው ብርሃን ልክ ስለሆነ፣ የጨለመ ምስል ብዙም አይፈጅም። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ DC dimming ወይም Anti-flicker የሚል አላቸው። ካለ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

ለቢሮ ወይም ለጽሕፈት ቤት አሮጌ ሞኒተር የምትገዙም በዚሁ ካሜራ ፈትኑ። ብዙዎቹ የሚርገበገቡት ከተወሰነ ብራይትነስ በታች ብቻ ነው። መስመሩ የሚጠፋበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ላይ ተዉት፤ ቢበዛባችሁ ከሞኒተሩ ሜኑ ኮንትራስቱን ቀንሱ። flicker-free የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ቢኖርም ራሳችሁ እዩት፤ ካርቶን መቀያየር ቀላል ነው።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ወረቀት ስታነቡም የሚያማችሁ ከሆነ ጉዳዩ የስልክ አይደለም፤ ዓይን ክሊኒክ ሂዱና ታዩ። መነጽሩን ገና አሁን ከገዛችሁና ደረሰኝ ካላችሁ፣ ስልኩን ይዛችሁ ተመለሱና የሻጩን መነጽር ካሜራው ሌንስ ፊት አድርጋችሁ መስመሩን አሳዩት። አልጠፋም። ብሩን ስትጠይቁት ምን እንደሚል ከታች ጻፉልን፤ የሱቁን ስም ግን አትጥቀሱ።