የቤት ኪራዩን የትኛው ምርት ይክፈል? በሽያጭ፣ በቦታ ወይስ ሳያካፍሉ

ዳቦ፣ ኬክና ማኪያቶ በአንድ ቤት የሚሸጥ ሰው ወሩ ሲያልቅ ስንት እንደተረፈው ያውቃል። የትኛው ዕቃ እንዳተረፈለት ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ዱቄቱ የዳቦው ነው፣ ክሬሙ የኬኩ ነው፣ ወተቱ የማኪያቶው ነው። ኪራዩ፣ መብራቱና ውኃውስ የማን ነው?

ይህን የሚመልሱ ሦስት መንገዶችን በአንድ ዳቦ ቤት ላይ ጎን ለጎን ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። የራሳችሁን እየተካችሁ አብራችሁኝ አስሉ።

ቤቱ በወር 60,000 ብር ኪራይ፣ 18,000 ብር መብራት፣ 2,000 ብር ውኃ ይከፍላል። ድምሩ 80,000 ነው። (ኪራዩን የስድስት ወር አንዴ የምትከፍሉ ከሆነ ለስድስት አካፍሉት። አለዚያ የከፈላችሁበት ወር ብቻ ኪሳራ ይመስላል።) ዳቦ 300,000፣ ኬክ 120,000፣ ቡናና ሻይ 80,000 ብር ይሸጣሉ። የእያንዳንዳቸው ጥሬ ዕቃና የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀነስ ከዳቦ 60,000፣ ከኬክ 50,000፣ ከቡና 32,000 ይቀራል። ጠቅላላው 142,000 ነው። ከዚያ ላይ 80,000ው ሲነሳ የቤቱ ትርፍ 62,000 ብር ይሆናል። ይህ ቁጥር በየትኛውም መንገድ ብናሰላ አይለወጥም። የሚለወጠው ትርፉን ያመጣው ማን ነው የሚለው ነው።

በሽያጭ ማካፈል

ብዙ ሰው የሚጠቀመው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ከሽያጭ መዝገብ ሌላ ምንም አይፈልግም። ዳቦ የሽያጩ 60 በመቶ ስለሆነ ከ80,000ው 48,000ውን ይሸከማል። ኬክ 19,200፣ ቡና 12,800 ይደርሳቸዋል።

ሸቀጦቹ ለሚመሳሰሉበት ሱቅ፣ ለምሳሌ ሳሙናና ዘይት በአንድ መደርደሪያ ለሚሸጥበት፣ ይህ ይበቃል። ለዳቦ ቤት ግን አልመክረውም። ሁዳዴ ሲገባ የሚሆነውን እዩ። ኬክ በግማሽ ወርዶ 60,000 ሸጠ፣ ቡናውም ማኪያቶ ስለቀነሰ 60,000 ላይ ቆመ እንበል። ዳቦው እንደድሮው 300,000 ነው። አሁን ዳቦ የሽያጩ 71 በመቶ ሆነ። የኪራይ ድርሻው ብቻውን ከ36,000 ወደ 42,857 ብር ዘለለ። ዳቦው ላይ ምንም አልተለወጠም፤ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አልጨመረም። ባለቤቱ ግን ሂሳቡን አይቶ የዳቦው ትርፍ አሽቆለቆለ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል።

በቦታና በፍጆታ ማካፈል

እዚህ ሜትር ያስፈልጋል። ቤቱ 100 ካሬ ነው። ዳቦ ከነመጋገሪያው፣ ከነሊጥ ማቡኪያውና ከነመደርደሪያው 30 ካሬ ይዟል። ኬክ 10፣ ቡና ከነወንበሮቹ 40። ቀሪው 20 መተላለፊያና መጸዳጃ ስለሆነ የሁሉም ነው። ስለዚህ 60,000ውን ለ80 አካፍሉት፤ በካሬ 750 ብር ይመጣል። ዳቦ 22,500፣ ኬክ 7,500፣ ቡና 30,000 ብር ኪራይ ይከፍላሉ።

መብራቱ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጋገሪያው ላይ 15 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል እንበል። ይህን ቁጥር በሰዓት አባዝታችሁ አትቀበሉት። መጋገሪያ ሙቀቱ ሲሞላለት ራሱ ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ያበራል። በአማካይ 9 ኪሎዋት ከሳበ፣ ለዳቦ በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ 72 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ለኬክ 2 ሰዓት ሲሠራ 18። ኬኩ ግን ማቀዝቀዣም አለው፣ ቀንና ሌሊት የማይጠፋ። እሱ 12 ይጨምራል። የቡና ማሽኑ 18። በቀን 120 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። 18,000ውን በዚያ ስናካፍል ዳቦ 10,800፣ ኬክ 4,500፣ ቡና 2,700 ይከፍላል። ከውኃው ለዳቦ 500፣ ለኬክ 300፣ ዕቃ ማጠቢያው ለማያርፈው ቡና 1,200 ሰጥቻለሁ።

አማካዩን በግምት ማስቀመጥ ካልፈለጋችሁ መጋገሪያው መስመር ላይ ለብቻው የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስገጥሙ። ስትገዙ መጋገሪያው ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ቆጣሪውም ባለ ሦስት ፌዝ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ መጋገሪያ ዳቦም ኬክም የሚጋግር ከሆነ ግን ቆጣሪው የትኛው እንደበላ አይነግራችሁም። የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት የሚጽፍ ደብተር አብሮ ያስፈልጋል። አንድ ሳምንት መጻፍ ይበቃል። ግምታችሁ ትክክል መሆኑን ለማየት የቀኑን ድምር በ30 አባዙና ቢሉ ላይ ካለው ኪሎዋት ሰዓት ጋር አስተያዩ። በሰፊው ከተለያየ የረሳችሁት ማሽን አለ ወይም ግምታችሁ ተሳስቷል።

ሁለቱ መንገዶች የሰጡት ትርፍ ይኸው፦

| | ዳቦ | ኬክ | ቡናና ሻይ |
|---|---|---|---|
| በሽያጭ | 12,000 | 30,800 | 19,200 |
| በቦታና በፍጆታ | 26,200 | 37,700 | −1,900 |

ቡናው ከ19,200 ትርፍ ወደ ኪሳራ ወረደ። ግን ያቺን 1,900 እንደ ፍርድ አትያዟት። መንገድ ዳር ያለ ካሬ ከጓዳ ካሬ ጋር እኩል አይደለም፤ ሰው የሚያየው የፊቱን ነው። የፊቱን 10 ካሬ እጥፍ ብንቆጥረውና ከዚያ ውስጥ 4ቱ የዳቦ፣ 4ቱ የኬክ መስታወት፣ 2ቱ የቡና ቢሆኑ የቡናው ኪራይ 28,000 ይሆናል፤ 1,900 ኪሳራው ወደ 100 ብር ትርፍ ይዞራል። ማለት የሚቻለው ቡናው ራሱን ችሎ ለመቆም ያህል ብቻ ይሠራል ነው።

ሳያካፍሉ ማየት

ታዲያ ቡናውን እንዝጋው? ለዚህ ጥያቄ ሁለቱንም መንገድ ወዲያ በሉና ሲዘጋ የሚቋረጠውንና የማይቋረጠውን ብቻ ቁጠሩ። ቡናው ቢዘጋ ባለቤቱ 3,900 ብር መብራትና ውኃ ይቆጥባል። 32,000 ብር ያጣል። ኪራዩ 60,000 እንደሆነ ይቀጥላል። የቤቱ ትርፍ በ28,100 ብር ወርዶ 33,900 ይሆናል። በሠንጠረዡ የከሰረው ዕቃ ሲወጣ ቤቱ ይጎዳል ማለት ነው። አስተናጋጇ ኬክም የምታቀርብ ከሆነ ደመወዟ አይቀርም፤ ጉዳቱ ከዚህም ይበልጣል። ማኪያቶ ሊጠጣ ገብቶ ኬክ የሚያዝም አለ፤ እሱን አልቆጠርኩትም።

እኔ ብሆን ለዋጋና ለቦታ ድልድል ሁለተኛውን እጠቀማለሁ። በእሱ መሠረት በወር 30,000 ዳቦ የሚሸጥ ቤት በአንዱ ዳቦ ላይ 1 ብር ከ13 ሳንቲም የጋራ ወጪ አለበት፤ ዋጋ ሲቆረጥ ይህ መግባት አለበት። የአንድን ምርት መዘጋት ለመወሰን ግን ሦስተኛውን ብቻ አምናለሁ።

ለዚህ ቤት የቀረው ጥያቄ 40ው ካሬ ነው። አከራዩ ከፈቀደና ያንን ቦታ በወር ከ28,100 ብር በላይ የሚከራየው ሰው ከተገኘ ቡናው ይውጣ። ካልተገኘ ከወንበሮቹ ጥቂት ካሬ ቀንሶ ለኬክ መስታወት መስጠትና ኬኩ ስንት እንደጨመረ ሁለት ወር መመዝገብ ይሻላል፤ ከሁለቱ አንዱ ሁዳዴ ላይ እንዳይውል ብቻ ይጠንቀቁ።