«ሊንኩን ከታች አስቀምጬላችኋለሁ» ለምትለዋ እህታችን መፍጫ 90 ዶላር ከፈልኩ

ቤቴ አሁንም የተቃጠለ ሞተር ይሸታል። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ አትታዘቡኝ።

ሴትዮዋን ታውቋታላችሁ። ስሟን አልጠራም፣ ብዙ ናቸውና። ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ «የኔ ቆንጆዎች፣ ሊንኩን ከታች ዲስክሪፕሽን ላይ አስቀምጬላችኋለሁ» የምትለዋ። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፤ በርበሬ ተሸክሜ የምሄድበት ወፍጮ ቤት የለኝም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መፍጫ ስታሳይ ዓይኔ በራ።

«በገንዘቤ ገዝቼ የዓመት በርበሬዬን የፈጨሁት በዚህ ነው» አለች። ዛላውን ከተተች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ቁልፉን ተጫነች። ወዲያው ምስሉ ተቆረጠና ሳህን ላይ የላመ በርበሬ መጣ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ሞተሩ ሲሠራ፣ ሲሞቅ፣ ሲቆም አላየሁም። አንድ እንከን እንኳ አልነገረችንም። እኔ ሞኟ ግን ሊንኩን ነካሁና 89.99 ዶላር ከፈልኩ። ዛላው እስኪደርቅ ደግሞ ዕቃውን ከነካርቶኑ አምስት ሳምንት አስቀመጥኩት። የመመለሻው 30 ቀን እንዲሁ አለፈ።

ቅዳሜ ፈጨሁ። የመጀመሪያው ዙር ጥሩ ነበር፣ ሁለተኛውም ምንም አይል። በሦስተኛው ላይ ጭስ ወጣና ቀጥ አለ። መመሪያውን ከዚያ በኋላ አነበብኩት፦ ከሦስት ደቂቃ በላይ አታስኪዱት፣ አሥር ደቂቃ ይረፍ ይላል። አለማንበቤ የኔ ጥፋት ነው፣ እቀበላለሁ። የዓመት በርበሬ ፈጭቻለሁ ያለችው ግን ይህን እንዴት ሳትነግረን ቀረች?

ልጠይቃት ብዬ ቻናሏን ከፈትኩ። ያለፈው ሳምንት የዶሮ ወጥ ቪዲዮ መጣ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነበር። «አክስቴ፣ ቆይ ቆይ» አለና ቪዲዮውን አቁሞ በሁለት ጣቱ አጎላው። መፍጫው ከኋላዋ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አዲስ ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ሰማያዊ ፕላስቲክ ክዳኑ ላይ እንዳለ ነው። አልተላጠም! ቪዲዮው ሲቀጥል ደግሞ ድስቱ ላይ በርበሬ እየነሰነሰች «ይሄን እናቴ ናት ከአዲስ አበባ የላከችልኝ» አለች። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። የእናቷን በርበሬ እየበላች ለእኔ መፍጫ ሸጠችልኝ።

ልጁ ሊንኩን ነካና አድራሻውን አሳየኝ። ውስጡ tag= የሚል አለ፣ ከዚያ የቻናሏ ስም፣ መጨረሻው ላይ -20። የኮሚሽን ምልክት ነው አለኝ። አማዞን ለወጥ ቤት ዕቃ የሚከፍለው 4.5 በመቶ ነው፤ ከእኔ ያገኘችው 4 ዶላር ከ5 ሳንቲም መሆኑ ነው። ሊንኩን ከነካሁ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለገዛሁት የልጅ ጫማም ሳይታሰብላት አይቀርም።

ኮሚሽን መብላቷ አይደለም ያናደደኝ። በእኔ ዋጋ ላይ አይጨምርም፣ ቪዲዮ መሥራትም ልፋት ነው። ብትነግረን ኖሮ «ብሉበት» እል ነበር። በ17 ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዲስክሪፕሽኑን ዘርግተን፣ 14 ሊንክ አልፈን፣ ከታች አንዲት መስመር አገኘን፦ «እንደ አማዞን አጋር ከግዢዎች ገቢ አገኛለሁ» የምትል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። አማርኛ አውርታ በእንግሊዝኛ ተናዘዘች። የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን ኤፍቲሲ መመሪያ ደግሞ በቪዲዮ ያስተዋወቀ ሰው እዚያው ቪዲዮው ውስጥ ይናገር፣ ባስተዋወቀበት ቋንቋም ይናገር ነው የሚለው።

አስተያየት መስጫው ላይ በትህትና ጻፍኩላት። «እህቴ፣ ማሽን ያለ ችሎታ አይነካም» ብላ መለሰች፣ ከሳቅ ምልክት ጋር። ወዲያው ጽሑፌ ጠፋ።

እናንተ ሊንክ ከመንካታችሁ በፊት የሌሎች ቪዲዮዎቿን ጀርባ እዩ፤ ያመሰገነችው ዕቃ ሥራ ላይ አለ ወይስ መደርደሪያ ላይ? ካማራችሁም ሊንኩን ትታችሁ ስሙን ራሳችሁ ፈልጉና ባለ አንድ ኮከቦቹን አስተያየቶች አንብቡ። ዕቃው እንደደረሰ ሞክሩት፣ እንደኔ አታስቀምጡት።

ሁለት ኪሎ ዛላ ተርፎኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚፈጭልኝ ካለ ይንገረኝ፣ ያለ ሊንክ።